የሞጣ ቄራ ክብ ማኅተም

ይርሳው ሲወለድ ቤቱ ለቅሶ ላይ ነበር። የበፊቱ ልጅ በኩፍኝ የሞተ ሰሞን ነውና እናቱ ሐዘኑ ይረሳልኝ ብላ ይህን ስም አወጣችለት። ልጁ ግን አድጎ የማይረሳ ሰው ወጣው። በቢቸና የሚያውቁት «እንደ ይርሳው ቂም የሚይዝ የለም» ይሉታል፤ በሞጣ የሚያውቁት ደግሞ «እንደ ይርሳው ሥጋ የሚያውቅ የለም» ይላሉ። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት።

ደብረ ማርቆስ ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ቢቸና ተመለሰና በትምህርት ቤቱ ሕፃናት ያስተምር ጀመር። የወይዘሮ ወለተ ሥላሴን ልጅ አምሳለችን አገባ። አምሳለች የምታፏጭ ሴት ነበረች። «ሴት ልጅ አታፏጭም» ሲሏት «ዶሮዎቹ ሌላ ቋንቋ አይሰሙም» ትላለች። ይርሳው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፉጨቷን ከአጥር ውጭ ሰምቶ ቤት መኖሯን ያውቅ ነበር።

የ፲፱፻፶፭ የፋሲካ ቅርጫ ጎረቤቱን ሁሉ ያሰባሰበ ነበር። ሰንጋውን የሚያቀርበው ገላው የሚባል የከብት ነጋዴ ነው፤ ከቢቸና እስከ ሉማሜ ገበያ የሚያውቀው፣ ድምፁ ትልቅ፣ እጁ ፈጣን ሰው። ቅዳሜ ጠዋት ግን በሬውን በእግሩ አላመጣውም፤ ታርዶ፣ ተገፎ፣ በአህያ ተጭኖ መጣ።

«መንገድ ላይ እግሩን ሰበረብኝ» አለ። «በክት ሳይሆን እዚያው ባረኩላችሁ። እንዲያውም ድካም ቀነስሁላችሁ።»

ሁለት ወር ጾሞ የከረመ ሰው ምን ይጠይቃል? ተካፈሉት። አምሳለች በዱለት የተመሰገነች ስለነበረች ሆድ ዕቃውን ተረከበች። ጉበትና ጨጓራውን ስትለይ ጣፊያውን በሁለት እጇ አንሥታ «ይህን እየው፣ ጉበት አከለ እኮ!» ብላ ለባሏ አሳየችው። ይርሳውም ሳቀ። አገጯ ላይ ቀጋ የጫራት ትንሽ ቁስል ነበረች፤ እያሳከካት በዚያው እጇ ታሻታለች።

በሳምንቱ ውስጥ ቁስሉ መሐሉ ጠቁሮ ከሰል መሰለ። አያምም ትላለች። እብጠቱ ግን ወደ አንገቷ፣ ከአንገቷም ወደ ደረቷ ወረደ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሲጠራ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነበር። አምሳለች ሞተች። ከቅርጫው ተካፋዮችም አንድ ሽማግሌ ሆዱን ይዞት ደም እያስቀመጠው አለፈ።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ገላው ቆሞ እንዲህ አለ፦ «ሰንጋዬ ጤነኛ ነበር። ቢላ ሲነካው ደሙ ፏ ብሎ ነው የወረደ። ሴትዮዋን ምች መታት፤ እኔ የምች ባለቤት ነኝ?» ማል ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ማለ። ከማለ በኋላ ደግሞ የሚጠይቀው አልተገኘም። የአምሳለች ወንድሞች ለይርሳው ጠመንጃ አምጥተው አልጋው ላይ አስቀመጡለት። ጠመንጃው ክረምቱን ሙሉ እዚያው ተቀመጠ።

ይርሳው ሰውን መግደል ፈርቶ አልነበረም። ቢገድለው ሰው ሁሉ «ምስኪን ገላው፣ ምሎ ሳለ ተገደለ» የሚል መሆኑ ነበር የሚያንገበግበው። ገላው ንጹሕ ሆኖ እንዲቀበር አልፈለገም።

በጥቅምት ከብት የሚከትቡ ሰዎች ቢቸና መጡ። ይርሳው ከአንዱ ጋር ጠላ ቤት ተቀምጦ የሆነውን ነገረው። ሰውየው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጣፊያው አብጦ ነበር?»

«ጉበት አክሎ ነበር።»

«ደሙስ? ጠቁሮ፣ አልረጋም ብሎ?»

«ሲታረድ አላየሁም። ሥጋው ግን ጠቆር ያለ ነበር።»

«አባሰንጋ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ከብቱ ወድቆ ሲሞት ነው ያረደው። ነጋዴ ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም።»

ይርሳው የዚያን ዕለት ጠመንጃውን ለአማቾቹ መለሰ። በዓመቱ ማስተማሩን ትቶ ደብረ ዘይት የእንስሳት ጤና ረዳቶች ማሠልጠኛ ገባ። ከአስተማሪዎቹ ፊት የከብት ሬሳ ሲከፈት ሌላው ተማሪ አፍንጫውን ይይዛል፤ እሱ ግን አጎንብሶ ያይ ነበር። ተመርቆ በየአውራጃው ክትባት ሲሰጥ ቆየ። የሥጋ ምርመራ ሕግ ወጥቶ ከተሞች ቄራ መሥራት ሲጀምሩ፣ ደብረ ማርቆስ ላለው ሹም «ሞጣ ላኩኝ» ብሎ አመለከተ። ሌላው ሁሉ ባሕር ዳርን ሲለምን እሱ ሞጣን ለመነ። ምክንያቱን የጠየቀው አልነበረም። ገላው ከጥቂት ዓመት በፊት ቢቸናን ለቆ ሞጣ ገብቶ ነበር፤ የከተማው ትልቁ ልኳንዳ የእሱ ነው።

የሞጣ ቄራ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከብረቱ ላይ መንጠቆ የተደረደረበት አዳራሽ ነው። ይርሳው በ፲፱፻፷፬ ሥራ ሲጀምር ባለ ልኳንዳዎቹን ሰብስቦ ነገራቸው።

«ከብቱ የሚገባው በዋዜማው ነው፤ ቆሞ ሲሄድ ሳላየው ቢላ አይነካውም። ከታረደ በኋላ ጭንቅላቱ፣ ሳምባው፣ ልቡ፣ ጉበቱ፣ ጣፊያው የማን እንደሆነ ሳይቀላቀል እኔ እስክመጣ ይቆያል።» ከዚያ ከቦርሳው ሁለት ማኅተም አወጣ። «ይህ ክቡ፣ ተመርምሮ ለምግብ የተፈቀደ ማለት ነው። የሞጣ ስም አለበት፤ የእኔም ቁጥር አለበት። በአራቱም ብልት ላይ ይመታል፤ ወርቹም ታፋውም ለብቻው ቢሰቀል እንዲታወቅ። ሥጋው ይጣፍጣል ወይም ወጣት ነው ማለት አይደለም። እዚህ ቤት ታርዶ፣ በዓይኔ አይቼው፣ በሽታ አላገኘሁበትም ማለት ነው። ይህ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ደግሞ የተወገደ ማለት ነው። ይህ የተመታበትን ሥጋ ውሻም አይበላውም፤ ክሪዮሊን የሚባለው የጀርም መድኃኒት ፈስሶበት ይቀበራል።»

«ቀለሙ አይመርዝም?» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የባለ ልኳንዳዎቹ አለቃ የሆነ ሽማግሌ።

«ለምግብ የተፈቀደ ቀለም ነው አባቴ። ሐምራዊ መሆኑ እንዳያሳስብዎ።»

ገላው ከኋላ ቆሞ ነበር። ስብሰባው ሲበተን ቀረብ ብሎ «የቢቸናው አስተማሪ አይደለህም?» አለው።

«ነኝ አቶ ገላው። ደኅና ነዎት?» አለ ይርሳው። እጁን ጨበጠው። ትልቅና ሞቃት እጅ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በገላው ሥጋ ላይ የሚወርደው ቢላ ከሌላው ሁሉ ይለይ ነበር። በማንኛውም በሬ ላይ ይርሳው መጀመሪያ ጉንጩን ይሰነጥቃል፤ ከዚያ ምላሱን ዳብሶ ልቡን ይከፍታል፤ ወርቹንም ይቀደዋል። የሚፈልገው የኮሶ ትል ፍሬ ነው፤ ሩዝ የምታህል፣ ውሃ የቋጠረች ነጭ ነገር። ጥቂት ከተገኘች ሥጋው በደንብ ተቀቅሎ ካልሆነ አይበላም፤ ለጥሬ አይሆንም። ከበዛች ይወገዳል። ሳምባው ሥርና አንጀቱ ላይ ያሉትን ንፍፊቶች እየቆረጠ የሳምባ ነቀርሳ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ አይብ የመሰለ መግል ካገኘ ፊቱ ይከብዳል። ጉበቱን በጣቱ ጨምቆ የሐሞት ቱቦዎቹን ይከፍታል፤ ቅጠል የመሰለ ትል ከወጣ የተበላሸው ይቆረጣል ወይም ጉበቱ ይጣላል።

ለኃይለ ጊዮርጊስ የተበላሸችው የጉበት ጥግ ተቆርጣ ሌላው ይለቀቅለታል። ለገላው ሲሆን ጉበቱ እንዳለ ጉድጓድ ይገባል። ሕጉ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ማንም ተሳስተሃል ሊለው አይችልም። የሌላው ሰው ወርች አንድ ጊዜ ሲቀደድ የገላው ሦስት ጊዜ ይቀደዳል፤ ገዢ የማያነሣው ተልካሻ ሥጋ ሆኖ ይቀራል። ገላው «ሐኪም፣ ምን አጠፋሁ?» ይለዋል። ይርሳው «እርስዎ ምንም። በሬው ነው» ይለዋል። ሲሄድም ቢላውን እያጠበ በውስጡ ይሞቀዋል፤ ክረምት ላይ እሳት አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው።

ለቅበላ ዋዜማ የሆነው ግን ሌላ ነው። ገላው ጥሩ ሰንጋ አስገባ። ይርሳው ጉንጩን ከፈተ፤ ንጹሕ። ምላሱን፣ ንጹሕ። ሳምባው እንደ ጽጌረዳ፣ ጉበቱ ለስላሳ፣ ልቡም ሲከፈት አንዲት ነጥብ የለበትም። ገላው ውጭ ቆሞ ከሰው ጋር ይስቃል፤ ሳቁ በቆርቆሮው ውስጥ ያስተጋባል። ይርሳው የበሬውን ልብ እንደ ጨበጠ ሳቁን አዳመጠ። ከዚያ ቆራርጦ ጉድጓድ ውስጥ ጣለውና «ፍሬው በዝቷል» ብሎ ባለ ሦስት ማዕዘኑን መታ።

አራጁ ፋንታ አጠገቡ ነበር። ዝምተኛና ደልዳላ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ይርሳውን አየው፤ ከዚያ ክሪዮሊኑን አምጥቶ አፈሰሰ። ኃይለ ጊዮርጊስ ግን ጉንጩን አንሥቶ አገላብጦ አየ። «የት አለ?» አለ። ይርሳው ወደሚቀጥለው በሬ አለፈ።

ገላው እንባ አውጥቶ አለቀሰ። ይርሳው ያን ዕለት ምሳውን በደስታ በላ። ወሬው ግን ዞረ፤ ጠጅ ቤት ገባ፣ ገበያ ገባ። «የሐኪሙ ማኅተም በሽታ አይደለም የሚያይ፣ ሰው ነው የሚያይ» ተባለ። ከትንሣኤ በኋላ አንዳንዱ ቄራ መምጣት ትቶ በግቢው ያርድ ጀመር። ይርሳው ሲሰማ ትከሻውን ነቀነቀ።

ግንቦት ገባ። ሣሩ አልቆ ከብቱ መሬት ለመሬት አፈር እየላሰ የሚግጥበት ጊዜ ነው። የገላው ልጅ ሰብለ ወንጌል ልታገባ ነው። ለሠርጉ ገላው ሁለት ሰንጋ ከቢቸና አስነዳ። በዋዜማው በረት ሲገቡ ይርሳው አያቸው፤ አንደኛው መንገድ እንደደከመው ራሱን ዘቅዝቋል፤ ጆሮውን ሲነካው ይፋጃል። «ይህ ነገ አይታረድም፤ ይታያል» ብሎ ለብቻው አስሮ ሄደ።

በነጋታው ማለዳ ሲመጣ አዳራሹ ሰው ሞልቶበታል። የሙሽራው ወገን ሥጋ ሊወስዱ መጥተዋል፤ ባለ ልኳንዳዎቹም አሉ። የታመመው ሰንጋ በጎሕ ወድቆ ሲንፈራገጥ የተገኘ ጊዜ፣ የገላው ሰዎች «በክት ሳይሆን!» ብለው ፋንታን አጣድፈውት አርዶታል። ገላው ራሱ ቀንዱን ይዞ ነበር። አሁን ከመንጠቆው ተሰቅሎ ሆዱ ተከፍቷል።

ይርሳው በሩ ላይ ቆመ። ሲሚንቶው ላይ ያለው ደም እንደ ተቃጠለ የመኪና ዘይት ጠቁሮ ተንጣሏል፤ መርጋት ሲገባው አልረጋም። ከሰንጋው አፍንጫም ይወርዳል። ወደ ሆዱ ቀረብ አለ። ጣፊያው ከወትሮው ብዙ እጥፍ አብጧል፤ የፋንታ ቢላ የነካው ቦታ እንደ ጥቁር ገንፎ ይፈሳል።

ለአፍታ ያየው ያንን አልነበረም። ሁለት የሴት እጅ ነው ያየው።

«ማንም እንዳይነካ!» ብሎ ጮኸ። «ፋንታ፣ ቢላውን እዚያው ጣለው። እጅህን ወደ ፊትህ አታድርስ። ይህ አባሰንጋ ነው፤ ይህ ሥጋ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ፋንታ ቢላውን ጣለ። ሌሎቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። ኃይለ ጊዮርጊስ ዱላውን ተደግፎ ወደ ፊት ወጣ።

«ሐኪም፣ አሁንስ በዛ» አለ። «ለቅበላ የዚህን ሰው ንጹሕ ሥጋ ቀበርህ። በዓይኔ አይቼ ዝም አልሁ። ዛሬ ደግሞ ሠርጉን ልትቀብርለት ነው? ከሰውየው ጋር ያለህን ቂም ከተማው ሁሉ ሰምቷል። እኛ ማኅተምህን ሳይሆን ቂምህን ነው የምንበላው?»

«ልክ ነው!» አሉ ከኋላ። «ይምታና እንውሰድ! እንግዳ ተቀምጧል!» ከሙሽራው ወገን አንዱ ወርቹን ሊያወርድ ወደ መንጠቆው ሄደ።

ይርሳው ያን ጊዜ ገባው። በዚያች በቅበላ ዋዜማ የዋሸው አንዲት ውሸት ዛሬ እውነቱን በልታበታለች። ቢጮህ አይሰሙትም። ቢያግድ ገፍተውት ያልፋሉ። ፊቱን ሲያዞር ገላውን አየው፤ በሩ አጠገብ ነው። ገላው የሚያየው ይርሳውን አልነበረም። ደሙን ነበር የሚያየው። ከደሙም ወደ ጣፊያው። ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ይህ ምን እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«እሺ» አለ ይርሳው። ድምፁ ድንገት ረጋ። «እኔ ቂመኛ ነኝ። አባቴ ኃይለ ጊዮርጊስ እውነትዎን ነው። ቂመኛ አይፍረድ፤ ባለቤቱ ይፍረድ።» ከቦርሳው ክቡን ማኅተም አውጥቶ ቀለሙ ላይ ተጫነው። ወደ ተሰቀለው ታፋ ሄዶ ጣት ሲቀረው አቆመ። «አቶ ገላው፣ ሥጋዬ ጤነኛ ነው በሉኝ። ይችን ቃል ብቻ። እመታዋለሁ፤ ለልጅዎ ሠርግ ይሂድ።»

ሁሉም ወደ ገላው ዞረ።

«በል እንጂ ገላው» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ። «ምን ትጠብቃለህ?»

ገላው በሩን ጨበጠ። ይርሳው እርስዎ ማለቱን ትቶ ከዓመታት በኋላ አንተ አለው።

«ገላው፣ ከዚህ በፊት ብለኸው የለም? ጤነኛ ነው፣ ደሙ ፏ ብሎ ወርዷል። አሁንም በለው። ሰብለ ወንጌል የመጀመሪያውን ጉርሻ ከእጅህ ነው የምትበላ።»

ማኅተሙን አስጠጋው።

«አትምታው!» አለ ገላው።

«ለምን?»

«አትምታው ብየሃለሁ!»

«እነዚህ ሁሉ ጤነኛ ነው ይላሉ።»

«ጤነኛ አይደለም! አባሰንጋ ነው!» ገላው በሩን ይዞ ቁጢጥ አለ። «አባሰንጋ ነው… ሰው ይገድላል።»

«በምን አወቅህ? አንተ ሐኪም አይደለህ።»

«አይቼዋለሁ።»

«የት?»

ገላው ዓይኑን ከደሙ ላይ አላነሣም።

«የት ነው ያየኸው ገላው?»

«ቢቸና» አለ። «የፋሲካው ቅርጫ። እግሩን አልሰበረም። ወድቆ አድሮ ነው ያረድሁት። ደሙ እንዲህ ነበር። ጣፊያውም እንዲህ ነበር።»

«ምለሃል።»

«ምያለሁ። በሐሰት ነው የማልሁ።» ከዚያ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «ሚስትህን እኔ ነኝ የገደልሁ። አሁን ማኅተሙን አንሣልኝ።»

ኃይለ ጊዮርጊስ አማተበ። ወርቹን ሊያወርድ የሄደው ሰው እጁን በሱሪው ላይ እየጠረገ ወደ ኋላ ሸሸ። ይርሳው ማኅተሙን ወዲያው አላነሣም። ከዚያ ወደ ቦርሳው መለሰው።

የቀረው ሥራ እስከ ማታ ፈጀ። በአባሰንጋ የሞተ ሬሳ መከፈት የሌለበት ነውና፣ የተከፈተው ሁሉ እንዳለ ቆዳው ሳይቀር ከሰው ቁመት የጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ከላይም ከታችም ኖራ ተነሰነሰበት። በዚያው ወለል ላይ የታረደው ሁለተኛው ሰንጋም፣ የኃይለ ጊዮርጊስም በሬ አብረው ተቀበሩ፤ ንጹሕ ነበሩ ቢባልም ያ ደም ነክቷቸዋል። ወለሉ በፈላ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ ታጠበ። ይርሳው ከመቅበሩ በፊት ከታመመው ሰንጋ ጆሮ ደም ወስዶ መስታወት ላይ ቀብቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ላከ፤ መልሱም ኋላ እሱ እንዳለው ሆኖ መጣ። ፋንታንና ሥጋውን የነኩትን ሁሉ ፔኒሲሊን እንዲወጉ ክሊኒክ ሰደዳቸው።

ገላውን ግን አልሰደደውም። ቀንዱን ሲይዝ አውራ ጣቱ ተልጦ እንደነበር አይቷል። አይቶ ዝም አለ። ገላው እጁን በነጠላው ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከኋላ ቆሞ ተመለከተው። ያች ቁስል ከጥቂት ቀን በኋላ ትጠቁራለች፤ አያምም ይላል፤ ከዚያ ያብጣል። ይርሳው ይህን ሁሉ በልቡ አየው፤ ጣፈጠው።

በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ ተነሥቶ ገላው ቤት ሄደ። የሠርጉ ዳስ ባዶውን ቆሟል፤ የሙሽራው ወገን «በሐሰት ከሚምል ቤት አንጋባም» ብለው ልከውበት ነበር። ገላው ጥግ ላይ ተቀምጧል። የአውራ ጣቱ ቁስል መሐሏ ጠቁሯል።

«ተነሥ» አለው ይርሳው። «መርፌ ትወጋለህ።»

«ተወኝ፣ ልሙት።»

«ሞተህማ ምስኪን ይሉሃል። ተነሥ! በሞጣ ገበያ ላይ ስትሄድ ሰው እንዲያይህ ነው የምፈልግ። በቢቸናም ገበያ። በእግርህ ሂድ፤ ሁሉም ይይህ።»

ክንዱን ይዞ አስነሣው። ገላው ተወጋ፤ ዳነም። አውራ ጣቱ ላይ ትልቅ ጠባሳ ቀረበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኛው የቢቸናው ነገር ዘመኑ አልፎበታል አሉ። ፍርዱን የሰጠው ሰዉ ነው። ገላው ሰላምታ ሲሰጥ የሚመልስለት ጠፋ። ልኳንዳው ውስጥ ሥጋው ተሰቅሎ፣ ክቡ ማኅተም ተመትቶበት፣ ማንም ሳይነካው ይመሻል። ይርሳው በዚያ በኩል ማለፍ ይወድ ነበር። መንገዱ ባይሆንም ያልፋል።

አንድ ቀን ፋንታ ቢላ እየሳለ «ሐኪም፣ ባይናገር ኖሮ ትመታው ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«እመታው ነበር» አለ ይርሳው።

ፋንታ መሳሉን አቆመ። «ሙሽራይቱ ምን አደረገች?»

«አምሳለችስ ምን አደረገች?»

ከዚያ ወዲህ ፋንታ ማኅተሙን ሲያቀብለው ፊቱን አያየውም።

በሐምሌ ይርሳው ቢቸና ወርዶ ለአማቱ ለወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ነገራቸው። አሮጊቷ ደግመው አስነገሩት። «ቁጢጥ ሲል ፊቱ ምን መሰለ?» አሉ። ነገራቸው። «አለቀሰ?» «ፊቱን ሸፈነ እሜቴ።» «መርፌውንስ ማን አስወጋው?» «እኔ ነኝ እሜቴ።» እሳቸውም «እኔ ብሆን አላስወጋውም ነበር» አሉና እራት አቀረቡለት።

ገላው በዓመቱ ልኳንዳውን ለልጁ ትቶ ገዳም ገባ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰብለ ወንጌል መጋረጃውን አወረደች፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባች፣ ሥጋ ቆራጭ ቀጠረች። በመጀመሪያው ቀን ሰንጋዋን በዋዜማው ራሷ ነድታ ቄራ አስገባች፤ ሲነጋ ታረደ። ሌሎቹ ባለ ልኳንዳዎች ውጭ ይጠብቃሉ፤ እሷ ግን ነጠላዋን አደግድጋ አዳራሹ ውስጥ ገባችና ከይርሳው ክንድ ሥር ቆመች።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

«አያለሁ» አለችው። «አባቴ ያጠፋውን ሰምቻለሁ፤ እሱ ከፍሏል። አንተ ደግሞ በእኔ ሠርግ ሥጋ ላይ ማኅተም ይዘህ ቆመህ ነበር። ለቅበላም ንጹሕ ሥጋ ቀብረሃል ይላሉ። እንግዲህ እጅህ ሲሳሳት እስካይ እዚሁ ነኝ። አንድ ቀን ትሳሳታለህ። ያን ቀን ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ይርሳው ቢላውን አንሥቶ የሰንጋዋን ጉንጭ ሰነጠቀ። አጎንብሳ አየች። ምላሱን ዳበሰ፤ እሷም ዳበሰች። ልቡን ከፍቶ ዳርና ዳሩን አሳያት። ጉበቱ ጥግ ላይ የታመመ ቱቦ አገኘ፤ የታመመውን ብቻ ቆርጦ ጣለና የቀረውን ወደ እሷ ገፋው። ጉበቱን እንዳለ ይጥል እንደሆነ ለማየት ትጠብቅ እንደነበር ያውቃል።

«ንጹሕ ነው» አለ።

«አየሁ» አለች። «ምታው።»

ክቡን ማኅተም በአራቱም ብልት ላይ መታ። ሰብለ ወንጌል እያንዳንዱን እየዞረች ፊደሉ መነበቡን አየች። በነጋታውም ከሁሉ ቀድማ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አገኛት።